ጥርስ ከማስነቀል በፊት አንቲባዮቲክ፦ ለየትኛው የልብ ሕመምተኛ፣ መቼና ስንት?

ባለፈው ጥር ከቢቸና በአንድ ሚኒባስ የመጡ ሁለት ሰዎች ደብረ ማርቆስ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንደኛዋ የ32 ዓመት ሴት ናት፤ አዲስ አበባ ሄዳ አንዱ የልቧ ቫልቭ በብረት ተቀይሮላታል። ሁለተኛው የአክስቷ ልጅ ነው፣ 24 ዓመቱ። በልጅነቱ ቶንሲል እየተመላለሰበት የሩማቲክ የልብ ሕመም ይዞት ቫልቩ ጠቧል፤ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ቀዶ ሕክምና ግን አልተደረገለትም። ሁለቱም መንጋጋ ሊያስነቅሉ ነው የመጡት። ካርድ ክፍል ያሉትም አንድ ነው፦ «የልብ ሕመምተኞች ነን።»

ለእሷ ጥርሱን ከመንቀሌ በፊት አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን በአንድ ጊዜ እንድትውጥ አደረግኩ። ለእሱ ግን ክትትል የሚያደርግለት ሐኪም ጋ ደውዬ ተነጋግረን ምንም ሳልሰጠው ነቀልኩለት። «ዶክተር፣ የእኔስ ልብ ልብ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እየሳቀ ነው፤ ግን ቅር ብሎታል። በአሥር ደቂቃ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ምክንያቱም «የልብ ሕመምተኛ ነኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ለጥርስ ሐኪም የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

አፍና ልብ ምን ያገናኛቸዋል?

ድዳችን ዙሪያ ሁልጊዜም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ወገን አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ብዙም አይጎዳም። ጥርስ ሲነቀል ድድ ይቀደዳል፣ ደም ሥር ይከፈታል፣ ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ልብ ያለው ሰው ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያጸዳዋል። የልብ ውስጠኛ ገጽ ለስላሳ ስለሆነ የሚይዘው ነገር የለም።

ብረት ወይም ከእንስሳ የተሠራ ቫልቭ፣ የተሰፋ ጨርቅ፣ ወይም ከዚህ በፊት በኢንፌክሽን የተበላ ቫልቭ ግን ሻካራ ነው። ባክቴሪያው እዚያ ይጣበቃል፤ ደም እየረጋ ላዩን ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ተደብቆ ይራባል። ይህ ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይተስ ይባላል። ሕክምናው በደም ሥር ለሳምንታት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ አንዳንዴም ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና። አንድ ጊዜ ቫልቭ ለማስቀየር ዓመታት ወረፋ ለጠበቀ ሰው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻኝም።

ድሮ ለብዙ ሰው ይሰጥ ነበር፤ ለምን ጠበበ?

የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያውን ምክር ያወጣው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተሻሻለ። በ1990 መመሪያ አንድ ሰው ከሕክምናው በፊት 3 ግራም አሞክሲሲሊን ወስዶ ከ6 ሰዓት በኋላ 1.5 ግራም ይደግም ነበር። በ1997 ወደ አንድ ጊዜ 2 ግራም ወረደ። ሆኖም የሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ያን ጊዜም ሰፊ ነበር፤ የሩማቲክ ቫልቭ ያለባቸውም ውስጡ ነበሩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠየቀው «በዚህ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለው ማነው?» ነበር። አዲሱ ጥያቄ «ቢይዘው የሚሞተው ወይም ክፉኛ የሚጎዳው ማነው?» ሆነ። ዝርዝሩ ያጠረው በዚህ ነው። በአውሮፓም በ2009 የወጣው መመሪያ ተመሳሳይ መንገድ ያዘ።

ከጀርባው ያለው ዋናው ምክንያት ግን ለእኛ አገር ሰው በደንብ የሚገባ ነው። ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባው ጥርስ ሲነቀል ብቻ አይደለም። የ2007ቱ መመሪያ የሰበሰባቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጥርስ ከተነቀለላቸው ሰዎች ከ10 እስከ 100 በመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ጥርስ ሲቦረሽ ከ20 እስከ 68 በመቶ፣ በእንጨት ስንጥር ሲጎረጎር ከ20 እስከ 40 በመቶ፣ ምግብ ሲታኘክ ደግሞ ከ7 እስከ 51 በመቶ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጥርስ የሚነቀለው በዕድሜ ልክ ጥቂት ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት የወይራ መፋቂያ፣ ከጥሬ ሥጋ በኋላ ስንጥር፣ በቀን ሁለት ሦስቴ እንጀራ ግን በዓመት ከሺህ ጊዜ በላይ ነው። ድዱ የቆሰለ ሰው ልቡ ጋ የሚደርሰው ባክቴሪያ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ከዕለት ተዕለቱ ነው። የአራት እንክብል ጥቅም የአንድ ሰዓት ነገር ነው፤ የቀሩትን 364 ቀናት አይሸፍንም።

በዚያ ላይ መድኃኒቱ ራሱ ጉዳት አለው፤ አለርጂ አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ አለ። ጥቅሙ ትንሽ በሆነበት ሰው ላይ ሚዛኑ ወደ ጉዳቱ ያደላል።

የእንግሊዙ መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2008 ከዚህም አልፎ ለማንም አይሰጥ አለ። በኋላ እዚያ አገር የኢንዶካርዳይተስ ቁጥር ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ጥናት በ2015 ወጣ፤ መንስኤው ያ ውሳኔ መሆኑ አልተረጋገጠም። ተቋሙ በ2016 «በመደበኛነት አይሰጥ» ብሎ ቃሉን አለዘበ። የአሜሪካውም በ2021፣ የአውሮፓውም በ2023 ለከፍተኛ ተጋላጮች መሰጠቱን አጸኑት። እኔ ይህኛውን መንገድ እከተላለሁ፦ ለጥቂቶች ብቻ፣ ለእነዚያ ጥቂቶች ግን ሳይዘነጋ።

አንደኛ፦ «ልብዎ ላይ ምን ተሠርቷል?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙ ስንት ዓመት እንደቆየ አይደለም። ጥያቄው ልብ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር አለ ወይ ነው። መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ናቸው።

ቫልቭ የተቀየረለት ሰው፣ ብረትም ይሁን ከእንስሳ የተሠራ፣ በቀዶ ሕክምናም ይሁን በደም ሥር የገባ። ቫልቩ ሳይቀየር በቀለበት የተጠገነለትም እዚሁ ይገባል። ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይተስ ይዞት የዳነ ሰው፣ ቫልቩ የራሱ ቢሆንም። ሲወለድ ጀምሮ የልብ ጉድለት ኖሮበት ከንፈሩና ጥፍሩ የሚጠቁር፣ ገና ያልተጠገነለት ወይም የደም ማለፊያ ቱቦ ብቻ የተገጠመለት ልጅ። የልብ ቀዳዳው በጨርቅ ወይም በመድፈኛ የተዘጋለት ሰው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት፤ ከዚያ በኋላ በጨርቁ ዙሪያ አሁንም የሚያፈስ ካለ ግን ይቀጥላል። የልብ ንቅለ ተከላና ሰው ሠራሽ የልብ ፓምፕም በዝርዝሩ አሉ፤ በእኛ ክሊኒክ እስካሁን አላጋጠሙኝም።

የማያስፈልጋቸውስ? የደም ግፊት፣ የልብ ደም ሥር መክፈቻ ስቴንት፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ ያልተዘጋ ትንሽ የልብ ቀዳዳ። ጠቦ የነበረ ቫልቭ በባሉን የተከፈተለት ሰውም የለበትም፤ ባሉኑ ገብቶ ይወጣል እንጂ ትቶት የሚሄደው ነገር የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አዲስ አበባ ልቤን ተሠርቻለሁ» ይላሉ፤ ደረታቸው ላይ ጠባሳ የለም። ስለዚህ ጠባሳውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የመውጫ ወረቀቱንና የመጨረሻውን የልብ አልትራሳውንድ፣ የኢኮ፣ ውጤት ይዘው እንዲመጡ አድርጉ፤ ኤምቪአር ወይም ኤቪአር የሚል ምኅጻረ ቃል ካለ ቫልቭ ተቀይሯል ማለት ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዱ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ ክትትል ወደሚያደርጉበት ደውሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሁሉ ቫልቭ የተቀየረለት አይደለም፤ ግን ሳትደውሉ እንዳታልፉት ያስጠነቅቃችኋል።

የወር መርፌው ሌላ ነው

የአክስቷን ልጅ ግራ ያጋባው ይህ ነው። «እኔ በየወሩ ፔኒሲሊን የምወጋው ለልቤ አይደል?» አለኝ። ነው፤ ግን የሚጠብቀው ከሌላ ጠላት ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ጉሮሮ ላይ የሚወጣው የቶንሲል ስትሬፕቶኮከስ እንዳይመለስና ሩማቲክ ትኩሳቱ ቫልቩን እንደገና እንዳይበላው ነው። የሚለቀቀው ቀስ እያለ በትንሽ በትንሹ ስለሆነ ጥርስ ሲነቀል ለሚገባው ባክቴሪያ አይበቃም። በሌላ በኩል ጥርስ ነቃዩ መድኃኒት አልሰጠኝም ብሎ የወር መርፌውን መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም።

ቫልቩ የተቀየረለት ሰው የወር መርፌም የሚወጋ ከሆነ ለጥርስ ሐኪሙ መናገር አለበት። ፔኒሲሊን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አፍ ውስጥ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በተለይ በየቀኑ በአፍ ለሚወስዱት፣ ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት ሊመረጥ ይችላል። ለጉንፋንም ሆነ ለሌላ ነገር በቅርቡ አሞክሲሲሊን የጨረሰ ሰውም እንዲሁ፤ ጥርሱ የማያጣድፍ ከሆነ 10 ቀን ያህል መቆየት ይሻላል።

የሩማቲክ ቫልቭ ነገር በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መልስ የለውም። አሜሪካኖቹ ቫልቩ ካልተቀየረ አይሰጥም ይላሉ። አውሮፓውያኑ በመደበኛነት አይሰጥም፣ ሐኪሙ ሰውየውን አይቶ ሊወስን ይችላል ይላሉ። አውስትራሊያ ሕመሙ ለሚበዛባቸው ነባር ሕዝቦቿ ትሰጣለች። እኔ ስልክ የደወልኩት ለዚህ ነው፤ ሐኪሙ «ስጥ» ቢለኝ ኖሮ እሰጥ ነበር።

ሁለተኛ፦ የሚሠራው ሥራ ድድን ይነካል?

ጥርስ መንቀል፣ ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ማጠብ፣ የሥር ሕክምና፣ ድድ መቁረጥ፦ አዎ። ኤክስሬይ፣ ከድድ በላይ ያለ ሙሌት፣ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ መግጠም፣ ያልቆሰለ ቦታ ላይ ማደንዘዣ መውጋት፦ አይ። የሕፃን የወተት ጥርስ በራሱ ሲወልቅም አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ያላቸው ወላጆች እንጥል እንዳያስቆርጡለት፣ ያልወጣ የወተት ጥርስ እንዳያስወጡለት፣ ልጅቷንም ድድ እንዳያስነቅሱ። በመርፌና በምላጭ ለሚሠራ ነገር አስቀድሞ የሚዋጥ እንክብል ፈልገው የመጡ አያት አጋጥመውኛል። ለዚህ የምሰጠው እንክብል የለኝም።

ሦስተኛ፦ መጠንና ሰዓት

ለአዋቂ 2 ግራም አሞክሲሲሊን በአፍ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሥራው ከመጀመሩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። እንክብሉ ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ አራት፣ ባለ 250 ከሆነ ስምንት። ብዙ መስሎ ያስፈራል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ጥርሱ ሲላቀቅ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ እንዲል ነው። የቢቸናዋ ሴት ቀጠሮዋ 4 ሰዓት ነበር፤ 3 ሰዓት ከ10 ላይ ነርሷ ፊት ዋጠች፤ 4 ሰዓት ላይ ማደንዘዣ ወጋኋት።

ለልጅ በኪሎ 50 ሚሊግራም ነው፣ ከአዋቂው መጠን ሳያልፍ። 18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 900 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ 18 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ከያዘ ግን 36። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳታዩ በማንኪያ አትስጡ፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ በግማሽ ነው።

ፔኒሲሊን አለርጂ የሚያደርገው ሰው አዚትሮማይሲን 500 ሚሊግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም ይወስዳል። ሴፋሌክሲን 2 ግራምም ይቻላል፤ ከፔኒሲሊን በኋላ ሰውነቱ ቸፍ ብሎበት፣ ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ለሚያውቅ ሰው ግን አይሰጥም። ቀድሞ በዝርዝሩ የነበረው ክሊንዳማይሲን በ2021 ወጥቷል፤ አንድ ጊዜ ተወስዶም ቢሆን ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል ነው። መዋጥ ለማይችል አምፒሲሊን 2 ግራም በመርፌ አለ፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ጡንቻው ላይ አይወጋም፣ ደም ይቋጥርበታል፤ በደም ሥር ይሰጠዋል።

ዋርፋሪንን በተመለከተ፦ ጥርስ ላስነቅል ነው ብሎ በራስ ማቆም አይቻልም፤ የብረት ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ደም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረጋ የሚለካውን የአይኤንአር የቅርብ ጊዜ ውጤት ይዞ መምጣትና ከልብ ሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

በጣም የማየው ስሕተት ሰዓቱ ነው። አንድ ታካሚዬን በማዘዣ ላይ «አራት ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ ከመንቀል በፊት» ብዬ ጽፌ ላክሁት። መድኃኒት ቤቱ ልማዱን ተከትሎ ከጥርሱ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ አንዳንድ እንዲወስድ ነገረው። በቀጠሮው ቀን ሙሉውን ፓኬት ሳይነካ ይዞ መጣ፤ «ከተነቀለልኝ በኋላ ልጀምር» አለኝ። ባክቴሪያው የሚገባው ግን ሲነቀል ነው። ለአምስት ቀን መውሰድ የመጀመሪያዋን ሰዓት አይተካም። አሁን አራቱን እንክብል ክሊኒኩ ውስጥ ነው የማስውጠው። ቢረሳ ከሥራው በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መስጠት ይቻላል፤ ይህ ግን ለመርሳት የተተወ በር ነው እንጂ ዕቅድ አይደለም።

ሁለተኛው ጾም ነው። በሁዳዴ አንዲት ቫልቫቸው የተቀየረላቸው እናት ጠዋት 3 ሰዓት መጡ። «እማማ፣ መድኃኒቱን ዋጡ?» ስላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አራቱን እንክብል አሳዩኝ። ውኃ ካፋቸው አልገባም፤ ቅዳሴ ሳይወጣ አይገባምም። ልከራከራቸው አልፈለግኩም። ቀጠሮውን ወደ 10 ሰዓት አዛወርኩት፤ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ በውኃ ዋጡ፤ አሞክሲሲሊን ምግብ አይጠብቅምና በሰዓቱ ነቀልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በጾም ወራት ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች የከሰዓት ቀጠሮ እሰጣለሁ። ጥርሱ አጣዳፊ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ እነግራለሁ።

ብዙ ጥርስ የሚነቀል ከሆነም በአንድ ቀጠሮ የሚቻለውን ያህል መጨረስ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ጥርስ፣ በየሳምንቱ አራት እንክብል ማድረግ አያስፈልግም።

አራተኛ፦ ከተነቀለ በኋላ ያሉት ሳምንታት

መድኃኒቱ በሰዓቱ ቢወሰድም ዋስትና አይደለም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ምግብ መዝጋት፣ ክብደት መቀነስ ወይም አዲስ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ የልብ ነገር ነው ተብሎ መታሰብ አለበት።

እዚህ ጎጃም ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። ወባውን መመርመር ትክክል ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሰውየው ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ ለሦስት ቀን ይወስዳል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ያቆመዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ባክቴሪያው ቫልቩ ላይ እንዳለ ነው፤ ግን ደሙ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚመርጥ የሚነግረው የደም ካልቸር ምርመራ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የቢቸናዋን ሴት ስሸኛት በካርዷ ጀርባ በትልቁ የጻፍኩላት ይህን ነው፦ «የብረት ቫልቭ አላት። ጥርስ ተነቅሎላታል። ትኩሳት ካላት ማንኛውም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር ወደሚሠራበት ሆስፒታል ትላክ።» የአክስቷ ልጅ ከጎኗ ቆሞ አነበበውና «ይቺንስ ለእኔም ጻፍልኝ» አለ። ጻፍኩለት፤ ይህ ለእሱም ይሠራል።